ከስፖት ወለድ የወጣው ፎርዋርድ ወለድ ያለ ምክንያት ሲዘል

ድሬዳዋ ባለው ቢሯችን ለብድር ዕቅድ የፎርዋርድ ወለድ ሰንጠረዥ በኤክሴል ስናዘጋጅ፣ የነበረን ኩፖን የሌላቸው የ1፣ የ3 እና የ5 ዓመት ቦንዶች ስፖት ወለድ ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል 8፣ 10 እና 10 በመቶ ይሁኑ። የጎደሉት ዓመታት በቀጥታ መስመር ሲሞሉ የ2 ዓመቱ 9፣ የ4 ዓመቱ 10 በመቶ ይሆናሉ። ይሁንና የሁለተኛው ዓመት ፎርዋርድ 10.01፣ የሦስተኛው 12.03 በመቶ ከወጣ በኋላ አራተኛው በድንገት ወደ 10 ይወርዳል።

ስሌቱ ትክክል ነበር፤ `1.10^3/1.09^2-1` በካልኩሌተርም 12.03 በመቶ ይሰጣል። ወለዱን በተከታታይ ወደሚታሰብ ወለድ መቀየርም ዝላዩን አላጠፋውም። ምክንያቱ ስፖት ወለድ ከዛሬ ጀምሮ ያሉት ዓመታት አማካይ መሆኑ ነው፤ አማካዩ በየዓመቱ 1 ነጥብ እንዲጨምር የየዓመቱ ፎርዋርድ በ2 ነጥብ ገደማ መጨመር አለበት፣ መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ ፎርዋርዱ በአንዴ ወደ አማካዩ ይመለሳል።

መፍትሔው ወለዱን ትቶ በ1 ብር የዛሬ ዋጋ ሎጋሪዝም ላይ መስመሩን መዘርጋት ነው። በB2 ያለው የ1 ዓመቱ ዋጋ 0.9259፣ በB4 ያለው የ3 ዓመቱ 0.7513 በመሆኑ፣ መካከለኛው የ2 ዓመት ዋጋ እንዲህ ይገኛል፦

```
=SQRT(B2*B4)
```

ውጤቱ 0.8341 ነው፤ የ2 ዓመቱ ስፖት 9.50 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ፎርዋርድም እኩል 11.01 በመቶ ይወጣል። የ1 እና የ3 ዓመት ቦንዶች ዋጋ አልተነካም። ከ11.01 ወደ 10 የሚወርደው ደረጃ ግን ይቀራል፤ እሱ ከራሱ ከመረጃው የመጣ ስለሆነ እንዲጠፋ አላስገደድነውም።