የክበብና የበጎ ፈቃድ ሥራን በኢንተርቪው ላይ እንዴት እንደምትናገሩት

አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ኢንተርቪው ስትቀርቡ “አንድ ችግር የፈታችሁበትን አጋጣሚ ንገሩን” ዓይነት ጥያቄ አይቀርም። የአገሩ የሥራ ልምድ ባይኖራችሁም የተማሪ ክበብ ወይም የበጎ ፈቃድ ሥራ መልስ ይሆናል። መልሱን ስታር (STAR) በሚባለው የአራት ክፍል ቅደም ተከተል አስኪዱት፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ኃላፊነት፣ የወሰዳችሁት እርምጃ፣ ውጤቱ። ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

አንድ ሰው በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት በነፃ አስተምሯል እንበል። ብዙዎቻችን ብንሆን የምንመልሰው “ተማሪዎች እየቀሩ ነበር፤ ተነጋግረን አስተካከልነው” ብለን ነው። ይህ ለጠያቂው ምንም አይነግረውም። እንደሚከተለው ይዘርዘር፦

“በዩኒቨርሲቲ የክረምት ዕረፍት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከተመዘገቡት 40 ተማሪዎች በሁለተኛው ሳምንት የሚመጡት 22 ብቻ ሆኑ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ ቁጥሩን መመለስ የእኔ ሥራ ነበር። የቀሩት ተማሪዎች ቤተሰቦች ጋ ደውዬ ጠየቅኩ፤ አብዛኞቹ ልጆች ጠዋት ጠዋት በገበያ ቤተሰብ ያግዛሉ። አስተባባሪውን አነጋግሬ ክፍለ ጊዜውን ወደ ከሰዓት አዛወርኩ፤ ላመለጣቸው ትምህርት አጭር ማስታወሻ አዘጋጀሁ። በመጨረሻው ሳምንት 35 ተማሪዎች ይመጡ ነበር።”

ሁኔታውና ኃላፊነቱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር አልቀዋል። ሰፊውን ቦታ የያዘው እርምጃው ነው፤ ነጥብ የሚሰጠውም በብዛት እሱ ላይ ነው። የእኛ ሰው ግን ክበቡ መቼ እንደተመሠረተ፣ ማን እንደደገፈው ሲያብራራ ጊዜው ያልቅበታል። ሰዓት ከጠቀሳችሁም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ “ጠዋት ሦስት ሰዓት” ስትሉ እነሱ ሌሊት ይመስላቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው “እኛ” ማለት ነው። “እኔ” ማለት እንደ ጉራ ስለሚቆጠርብን ሥራውን ሁሉ ለቡድኑ እንሰጣለን፤ ጠያቂው ደግሞ የእናንተን ድርሻ ለይቶ መመዝገብ አለበት። ቡድኑ ያደረገውን “እኛ”፣ ራሳችሁ ያደረጋችሁትን “እኔ” በሉ። “አዛወርን” ካላችሁ “የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?” የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ውጤቱ ላይ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ስትጠየቁ መመለስ የምትችሉት ይሁን። እዚህ ላይ ምንጩ የስም መጥሪያ ደብተሩ ነው። ቁጥር ከሌላችሁ ከእናንተ በኋላ የቀጠለ ነገር ጥቀሱ፤ ለምሳሌ ያዘጋጃችሁት ማስታወሻ በቀጣዩ ክረምትም ካገለገለ እሱ ውጤት ነው። “ሁሉም ደስ አላቸው” ግን ውጤት ሆኖ አይመዘገብም።

ለልምምድ ሦስት ታሪክ ይበቃል፦ አንድ የተፈታ ችግር፣ አንድ አለመግባባት፣ አንድ ያልተሳካ ሥራ። ያልተሳካው ላይ ከውጤቱ ቀጥሎ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደለወጣችሁ ጨምሩ። ቃል በቃል አትሸምድዱ፤ ጠያቂው መሐል ላይ ሲያቋርጥ ክሩ ይጠፋችኋል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩትና በስልክ ቅዱት፤ እርምጃው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ካለፈ መግቢያውን ቁረጡ።