«መቅድም ይጻፉልኝ» የሚል ደብዳቤ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አንዲት መምህርት ለመጀመሪያ መጽሐፏ መቅድም ለማስጻፍ ያዘጋጀችውን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት እንዳይላት ሰጠችኝ። መጽሐፉ ማንበብ የሚያዳግታቸውን ልጆች ስለ ማስተማር ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ሲመራመሩ የኖሩ አንጋፋ ፕሮፌሰር ናቸው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታና ሙገሳ፣ የሁለተኛው ገጽ አብዛኛው ክፍል የመምህርቷ የሕይወት ታሪክ። ጥያቄው ብቅ ያለው ከፊርማዋ በላይ ባለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «በመጽሐፌ ላይ አስተያየትዎን ቢሰጡኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።»

በአርታኢነት ሥራዬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ስህተቶቹም ይመሳሰላሉ። የእሷን ደብዳቤ ይዤ አንድ በአንድ ልያቸው።

የሚፈለገውን ነገር በስሙ አለመጥራት

«አስተያየት» ሰፊ ቃል ነው። መምህርቷ ይህን ስትል በልቧ ያለው በመጽሐፉ መጀመሪያ የሚወጣ ምስክርነት ነበር። ለፕሮፌሰር ግን አስተያየት መስጠት ማለት ቀይ እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ነው። በዚሁ ቃል ምክንያት የተቸገረ ሌላ ደራሲ አውቃለሁ፤ ለጀርባ ሽፋን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲጠብቅ ዘጠኝ ገጽ እርማት መጣለት። እርማቱ ጠቃሚ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ገጹ ተቀናብሮ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ባለሙያው የደከሙበት አብዛኛው ነገር ሳይካተት ቀረ። ከዚያ በኋላ ለእኚያ ሰው ደብዳቤ ለመጻፍ አልደፈረም።

«መቅድም» የሚለው ቃልም ብቻውን አይበቃም። በአንዳንድ መጽሐፍ ደራሲው ራሱ የሚጽፈው መንደርደሪያ መቅድም ይባላል፤ በሌላው መግቢያ ይባላል። ስለዚህ «ከእኔ መግቢያ በፊት በእርስዎ ስም የሚወጣ መቅድም» ብሎ መጻፍና መጠኑን መጥቀስ ይሻላል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ከ600 እስከ 1200 ቃላት፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት የመጽሐፍ ገጽ፣ በቂ ነው። የጀርባ ሽፋን ምስክርነት ከ30 እስከ 60 ቃላት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከረዘመ ሽፋኑ ይጨናነቃል።

ልዩነቱ በቃላት ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። መቅድም የሚጽፍ ሰው ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፤ ደራሲውን ለአንባቢ ያስተዋውቃል፤ መጽሐፉ በዘርፉ ውስጥ ምን እንደሚጨምር ይናገራል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። የሽፋን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ግን ሁለት ሦስት ምዕራፍ አንብቦ በአንድ ምሽት በሐቀኝነት ሊጽፍ ይችላል። የሚጠየቀው ሰው የትኛውን እንደተጠየቀ ካልገባው የከበደውን ይገምትና መልሱን ያቆየዋል። እንዲህ የቆየ ደብዳቤ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል።

በንባብ ቦታ ሙገሳን መተካት

የመምህርቷ የመጀመሪያ ገጽ «የእውቀት ፋና»፣ «የትውልድ አባት» በሚሉ ቃላት ተሞልቷል። ሰላምታና አክብሮት የሌለው ደብዳቤ በአማርኛ ደረቅ ስለሆነ አክብሮቷን አልነቅፍም። ችግሩ ስሙን ብቻ ቀይሮ ገጹን ለማንም አንጋፋ ሰው መላክ መቻሉ ነው፤ ፕሮፌሰሩም ይህን አያጡትም።

«ከእሳቸው የተማርሽው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና በአንድ ሥልጠና ላይ የሰማችውን ነገረችኝ። ፕሮፌሰሩ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሲሳሳት ቶሎ እንዳይታረም፣ ይልቁንም ስህተቱ በተናገረው መልክ እንዲመዘገብ መክረው ነበር። እሷም ያንን ይዛ ለሁለት ዓመት የተማሪዎቿን ስህተት በደብተር ስትመዘግብ ቆየች። አንዱ ልጅ የቃሉን መጀመሪያ ፊደል አይቶ ቀሪውን ይገምታል፤ ሌላው ፊደሎቹን በሙሉ እያወቀ ሲያያይዛቸው ይጠፉበታል። ሁለቱም «ማንበብ አይችልም» ይባላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን የተለያየ ነው። የመጽሐፉ ሦስተኛ ምዕራፍ በቀጥታ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

«ታዲያ ይህ በደብዳቤው የት አለ?» አልኳት። አልነበረም። ፋናው አለ፣ ደብተሩ የለም።

ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይልቅ ስለ ደብተሩ የሚናገሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይበልጣሉ። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ሁለት ነገር ይረዳሉ፦ አንደኛ፣ ደብዳቤው በእርግጥ ለእሳቸው የተጻፈ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ የራሳቸው ሐሳብ በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንደሆነ። መቅድም ለመጻፍ መነሻ የሚሆናቸውም ይኸው ነው።

ልዩነትን መደበቅ

በዚህ ላይ ከመምህርቷ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተከራከርን። በአምስተኛው ምዕራፍ ልጆች በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ እየቆጠሩ መመዘን ዓይናፋር ልጆችን ያሳስታል ትላለች፤ ሰዓት ሲያዝባቸው የሚያውቁትን ቃል ይዘላሉና። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ይህንኑ መለኪያ በጥናቶቻቸው ሲጠቀሙበት የኖሩ ሰው ናቸው። «ይህን በደብዳቤው ከጻፍኩ እምቢ ይሉኛል» አለች።

ሊሉ ይችላሉ። ካልጻፈች የሚሆነውን ግን እናስብ። ፕሮፌሰሩ እሺ ይላሉ፤ ረቂቁ ይላካል፤ እሳቸውም ገጽ 90 ላይ ሲደርሱ በምዕራፉ የሚተቸው የራሳቸው ዘዴ ሆኖ ያገኙታል። አሁን ያላቸው ምርጫ ሦስት ነው፦ ቃላቸውን ማጠፍ፣ ያላመኑበትን መጽሐፍ ማሞገስ ወይም ማንንም የማያስደስት ለዘብተኛ መቅድም መጻፍ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሦስተኛው ነው። «ደራሲዋ ብዙ ደክማለች» የሚል፣ ስለ መጽሐፉ ይዘት ግን ምንም የማይናገር መቅድም ካነበባችሁ ምናልባት ከበስተጀርባው እንዲህ ያለ ታሪክ አለ።

መቅድም የሚጽፍ ባለሙያ የሚያበድረው ስሙን ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቀው እሱም ጭምር ነው። ስለዚህ የሚያከራክረው ነጥብ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ማስተባበያም ይቅርታም አያስፈልገውም። ከሐሳቡ ጋር ባይስማሙ እንኳ በመቅድሙ ልዩነታቸውን በግልጽ ጽፈው መጽሐፉን የሚደግፉ ሰዎች አሉ፤ እኔም በግሌ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እንዲህ ያለውን መቅድም ነው።

ያልረጋ ረቂቅ መላክ

ባለሙያው ሰባተኛውን ምዕራፍ በስሙ ጠቅሶ ከጻፈ በኋላ ደራሲው ያንን ምዕራፍ ቢያወጣው መቅድሙ በሌለ ነገር ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ሳይረጋና የቋንቋ አርትዖቱ ሳይጠናቀቅ ደብዳቤው ባይወጣ ጥሩ ነው። ረቂቁ ምን ደረጃ ላይ እንዳለና ማን እንዳየው ማሳወቅም ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር ሙሉ ረቂቅ ማያያዝም አይመከርም። ማውጫውና አንድ ምዕራፍ ይበቃሉ። ምዕራፉም የግድ አንደኛው መሆን የለበትም፤ ለባለሙያው ሥራ የሚቀርበው ይሁን።

«በተመቸዎት ጊዜ»

ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክም ነው። ቀን የሌለው ሥራ ቀን ካለው ሥራ በኋላ ይሰለፋል። ረቂቁ ለገጽ ቅንብር የሚሰጥበት ቀን ተይዞ ወደ ኋላ ይቆጠር፦ ለባለሙያው ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ ለመጠባበቂያ 3 ሳምንት። እንግዲህ የመቅድም ደብዳቤ ከቅንብሩ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ መውጣት አለበት። ለሽፋን ምስክርነት የዚህ ግማሽ ይበቃል። ለመጀመሪያው ደብዳቤ በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ነውር የለውም፤ ሁለተኛ ማስታወሻ ግን ውትወታ ነው።

መውጫውን በር መዝጋት

«እንደማያሳፍሩኝ እርግጠኛ ነኝ» የሚለው የመምህርቷ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በቅንነት ነው፤ ሲነበብ ግን ያስጨንቃል። በዘመድ ማስደወልም ከዚሁ ይመደባል። ተጨንቆ እሺ ያለ ሰው የሚጽፈው ነገር ለመጽሐፉ አይጠቅምም። «መቅድሙን አዘጋጅቼልዎታለሁ፣ ቢፈርሙበት ይበቃል» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ነጥቦችን እንዲልክለት ባለሙያው ራሱ ከጠየቀ ሌላ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ ማቅረብ ግን ስሙን እንጂ ሐሳቡን እንደማንፈልግ ይነግረዋል።

ሌላም አለ፦ አንዱን መቅድም በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው መጠየቅ። ሁለቱም እሺ ካሉ አንዱን ማሳፈር ግድ ይሆናል። የሽፋን ምስክርነትን ግን ለብዙ ሰው መላክ ይቻላል፤ ያንንም በግልጽ መናገር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመምህርቷ ደብዳቤ ይህን መሰለ፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ እንደምን ሰነበቱ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለመጀመሪያ መጽሐፌ በስምዎ የሚወጣ መቅድም እንዲጽፉልኝ ለመጠየቅ ነው። መጽሐፉ ማንበብ የሚያዳግታቸውን ልጆች ስለ ማስተማር ሲሆን የተጻፈው ለመምህራን ነው። የማስበው ከሦስት የመጽሐፍ ገጽ ያልበለጠ መቅድም ነው።

ባዘጋጁት ሥልጠና ላይ የልጆችን የንባብ ስህተት ከማረም በፊት እንድንመዘግብ መክረውን ነበር። ከዚያ በኋላ የተማሪዎቼን ስህተት ለሁለት ዓመት በደብተር መዘገብኩ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ የተገኘው ከዚያ ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ግን በደቂቃ የተነበቡ ቃላትን ቆጥሮ መመዘን ለአንዳንድ ልጆች እንደማይሠራ ስለምከራከር ከእርስዎ አሠራር እለያለሁ። ይህን አስቀድመው እንዲያውቁት ፈልጌያለሁ።

ረቂቁ 180 ገጽ ነው፤ የቋንቋ አርትዖቱ ተጠናቋል፤ አንዲት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያም አንብባዋለች። ማውጫውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ አያይዣለሁ። ሙሉውን በወረቀትም ሆነ በፋይል እንደመረጡት እልክልዎታለሁ። መቅድሙ ከዛሬ ጀምሮ በዐሥር ሳምንት ውስጥ ቢደርሰኝ ለኅትመቱ ይደርሳል። ሳላሳይዎ ከጽሑፍዎ አንዲት ቃል አልቀይርም።

ጊዜ ባይኖርዎት ወይም ረቂቁን አይተው ስምዎን ሊሰጡት ባይፈልጉ፣ «አልችልም» የሚል መልስ ይበቃኛል፤ ምክንያቱን መግለጽ አይጠበቅብዎትም።

ከአክብሮት ጋር»

ከስድስት ቀን በኋላ መልስ መጣላት። ሁለት መስመር ብቻ ነበር። እሺም እምቢም አላሉም፤ አምስተኛው ምዕራፍ ቀድሞ እንዲላክላቸው ጠየቁ።