የሥነ ልቦና ጥናት ቁጥሮችን እንዴት እንመርምር? የ2 ዶላሩ ቁማር

«ደረትህን ነፋ አድርገህ ሁለት ደቂቃ ብትቆም ደፋር ትሆናለህ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ወሬው በ2010 ከታተመ የአሜሪካ ጥናት የመጣ ነው። 42 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ሰውነታቸውን ዘርጋ፣ ግማሾቹ ኩርምት አሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው 2 ዶላር ተሰጠ። ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ወይም ዳይስ ጥሎ ገንዘቡን 4 ዶላር ማድረግ፣ ካልቀናም ባዶ እጅ መቅረት።

መጀመሪያ መደምደሚያውን ዝለሉና ውጤቱ የተጻፈበትን ክፍል ክፈቱ። ፐርሰንት ካያችሁ ወደ ሰው ቀይሩት። ከዘርጋዎቹ 86.36%፣ ከኩርምቶቹ 60% ቁማሩን መርጠዋል ይላል። ይህ ማለት ከ22 ሰው 19፣ ከ20 ደግሞ 12 ነው።

ቀጥሎ ስሌቱን ራሳችሁ ድገሙት። አራቱን ቁጥሮች (19፣ 3፣ 12፣ 8) ኢንተርኔት ላይ ባለ ነጻ የካይ ስኩዌር ማስያ ውስጥ አስገቡ። የተለመደው የፒርሰን ስሌት p = 0.052 ይሰጣል። ፒ፣ አቋቋሙ ምንም ባያመጣ እንኳ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ነው፤ በልማድ ከ0.05 ሲያንስ ነው ግኝት የሚባለው። ጽሑፉ ላይ ግን p < .05 ነው የሚለው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከጥናቱ ባለቤቶች አንዷ ዳና ካርኒ በ2016 በግልጽ ተናግራለች፦ በሁለት መንገድ ተሰልቶ ነበር፤ የተጻፈው አነስተኛው፣ 0.0495 ገደማ የሚሆነው ነው።

እውነቱን ለመናገር 0.0495 እና 0.052 ብዙም አይለያዩም። ይልቅ ይህን ሞክሩ፦ ከ19ኙ አንዱን ሰው ብቻ ሐሳቡን አስቀይሩት። 18 ሲሆን ፒ ወደ 0.12 ይዘላል። አንድ ሰው!

ፒ ሲነበብም ስህተት ይበዛል። 0.05 ማለት «ግኝቱ 95% እውነት ነው» ማለት አይደለም። አቋቋም ምንም ለውጥ ባያመጣ እንኳ፣ ይህን የሚያክል ወይም የሚበልጥ ልዩነት ከመቶ ሙከራ አምስት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ይታያል ማለት ነው።

አሁን የልዩነቱን መጠን እዩ። 86 ሲቀነስ 60፣ 26 ነጥብ ነው። ትልቅ ይመስላል። ግን በ42 ሰው ስንለካው እውነተኛው ልዩነት ከዜሮ አጠገብ እስከ 52 ነጥብ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። ይህን ስፋት ያልጻፈ ጥናት ግማሹን ነገር ደብቋል እላለሁ።

በመጨረሻ «ያደርጋል»፣ «ይጨምራል» የሚሉ ግሦችን አስምሩባቸው። እዚህ ዕጣ ስለተጣለ ስለ ምክንያት ማውራት ይቻላል፤ ግን እስከ የት? እንደ ወትሮው የቆመ ሦስተኛ ቡድን የለም። ስለዚህ መዘርጋት ድፍረት ጨመረ ወይስ መኮራመት ቀነሰ፣ አይታወቅም። «ከሥራ ቃለ መጠይቅ በፊት እንዲህ ቁሙ» ስለሚለው ምክር ደግሞ የ2 ዶላር ቁማር ምንም አይነግረንም። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በ200 ሰዎች ሲደግሙት፣ የተዘረጉት «ኃይል ተሰማን» አሉ፤ አደጋ በመድፈር ግን ከሌሎቹ አልተለዩም።