የስንዴ አረም፦ እስኪረዝም አትጠብቁ

ብዙ ሰው አረሙ ለእጅ እስኪመች ይጠብቃል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። አረሙ ጉልበት ላይ ሲደርስ መንቀል ቀላል ነው፤ ማሳውም ወዲያው ጸድቶ ይታያል። ግን ሌባው በልቶ ከጨረሰ በኋላ በር መዝጋት ነው።

ስንዴ ከበቀለ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ከሥሩ አዳዲስ ቀንበጦች ያወጣል። የዛላው ብዛት በአብዛኛው የሚወሰነው ያኔ ነው። አረም በዚህ ጊዜ ናይትሮጅኑንና ብርሃኑን ከተሻማው ቀንበጡ ይቀንሳል። በኋላ ብታርሙለትም የቀረው ቀንበጥ አይተካም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን አረም ከበቀለ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ አርሙ። ሁለተኛው በ55 ቀን አካባቢ፣ ዛላ ከመውጣቱ በፊት ይሁን። ቦታው ቀዝቃዛ ከሆነ እድገቱ ስለሚዘገይ ከቀኑ ይልቅ ቡቃያውን እዩ። ዛላ ከወጣ በኋላ መግባት ለምርቱ ብዙም አይጠቅምም፤ አገዳ ይሰበራል። ያኔ የሚያዋጣው ዘሩ ሳይረግፍ ሲናርን መልቀም ብቻ ነው።

ሲናር በቡቃያነቱ ቁርጥ ስንዴ ነው፤ ያሳስታል። ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ ገለጥ አድርጉ። ስንዴ እዚያ ጋ ግንዱን የያዙ፣ ጸጉር ያላቸው ትንንሽ ጆሮዎች አሉት። ሲናር የለውም።

ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ግቡ። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ስንዴው አብሮ ይነቀላል፣ የተጣለው አረምም መልሶ ሥር ይሰዳል። ከደረቀ ደግሞ ግንዱ ተበጥሶ ሥሩ ይቀራል።