የተከፈለበት የመብራት ቶክን ቆጣሪው ውስጥ ሳይገባ ሲቀር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ በምንኖርበት ሕንፃ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ፣ ባለፈው ክረምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቆጣሪያቸው ሊያልቅ መቃረቡን አይተው በስልካቸው 400 ብር ከፈሉ። ገንዘቡ ከሂሳባቸው እንደተቀነሰ የሚገልጽ መልእክት ወዲያው ቢደርሳቸውም፣ ቆጣሪው ላይ የሚሞላው ባለ 20 አሃዝ ቶክን ግን አልመጣም። እንዲህ ያለው ገንዘብ በአብዛኛው አይጠፋም፤ ነገሩን የሚያወሳስበው ከዚያ በኋላ በችኮላ የሚደረገው ነው። የምጽፈው ቁጥር በቁልፍ ስለሚሞላበት ቆጣሪ ነው፤ ካርድ የሚገባበትን አይመለከትም።

ያንኑ መጠን ወዲያው ደግሞ መክፈል

ገንዘቡን የሚቀበለው ሥርዓትና ቶክኑን የሚያመነጨው የመብራት ሽያጭ ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መስመር ሲቋረጥ፣ ወይ ቶክኑ ተመርቶና ተመዝግቦ መልእክቱ ብቻ ሳይደርስ ይቀራል፣ ወይም ክፍያው ጭራሹኑ ወደ ሽያጩ አልደረሰም። በዚያው ምሽት ሌላ 400 ብር ከተከፈለ፣ የትኛው ክፍያ ቶክን እንዳላገኘ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ቤቱ ሊጨልም ከሆነ መጠኑን ለይቶ መክፈል ይሻላል፤ ጎረቤቴም 50 ብር ሞልተው አደሩ።

«ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ መጀመር

ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው። የከፈሉበት ድርጅት ወደ መብራት አገልግሎት ይልካል፣ የአገልግሎቱ ሠራተኛ ደግሞ ወደ ከፈሉበት ድርጅት ይመልሳል፤ ጎረቤቴም ሁለት ቀን የተመላለሱት በዚሁ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ቀን ለከፈሉበት ድርጅት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፦ ክፍያው መብራት አገልግሎት ደርሷል ወይስ አልደረሰም? አልደረሰም ከተባለ ገንዘቡን የሚመልሰው ያው ድርጅት ነው። ደርሷል ከተባለ ግን የሚጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን ቀድሞ የተመረተው ቶክን በድጋሚ እንዲሰጥ ነው። ይህም የቆጣሪውን ቁጥር፣ የክፍያውን መለያ ቁጥር፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይዞ ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ በመሄድ ወይም በ905 በመደወል ይጠየቃል። የእሳቸው ቶክን በቆጣሪ ቁጥራቸው ተፈልጎ ተገኘ። ሲሞሉት 118.6 ኪሎዋት ሰዓት ገባ፤ 6.4 የነበረው ቀሪም 125.0 ሆነ። ከመሙላትዎ በፊትና በኋላ ቀሪውን በስልክ ፎቶ ማንሳት የመጨረሻውን ማረጋገጫ ይሰጣል።

የዘገየ ቶክን ሞቷል ብሎ መተው

በኋላ የተገዛው ከተሞላ የፊተኛው አይሠራም የሚል ወሬ በሰፈራችን አለ። ቆጣሪው ግን በቅርብ የተቀበላቸውን፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ቶክኖች፣ መለያ ያስታውሳል፤ የማይቀበለው አንድ ጊዜ የገባውንና በማስታወሻው ካለው ከሁሉ ቀዳሚ ቶክን በፊት የተመረተውን ነው። ስለዚህ በመካከል አንድ ሁለት ጊዜ ቢሞላም የሦስት ቀኑ ቶክን ይገባል። ያው ቶክን ሁለት ጊዜ ስለማይገባም፣ ሠራተኛው በድጋሚ ቢሰጥዎት ማንንም አይጎዳም።

የቆጣሪውን መልስ ሳያነቡ ደጋግሞ መሞከር

ቃሉ እንደ ቆጣሪው ዓይነት ቢለያይም፣ `Used` ከሆነ ቶክኑ ቀድሞ ገብቷል፤ ምናልባት የቤት ሰው ሞልቶታል። `Old` ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። `Reject` ከሆነ ደግሞ አሃዝ ተሳስቷል ወይም ቶክኑ የዚህ ቆጣሪ አይደለም። ብዙ ቆጣሪዎች ስህተት ሲደጋገም ለጊዜው ይቆለፋሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው አራት አራት አሃዝ እያነበበ ሌላው ቢሞላ ይመረጣል።

በሌላ ቆጣሪ ቁጥር መግዛት

የቆጣሪ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ የቀሩትን ማረጋገጫ ስለሆነ፣ አንድ አሃዝ መሳት ብዙ ጊዜ ይያዛል። የማይያዘው በስልኩ ላይ የተቀመጠውን የቀድሞ ኪራይ ቤት ቁጥር መምረጥ ነው። ቶክኑ ለዚያ ቆጣሪ ብቻ ስለተመሰጠረ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር መስማማት ወይም ሳይሞላ ለአገልግሎቱ ማመልከት ያስፈልጋል።

የቁልፍ ለውጡን ሳይጠይቁ መቅረት

ቶክኖች የተመረቱበት ጊዜ የሚለይበት ቆጠራ ኅዳር 15 ቀን 2017 ስላበቃ፣ ቶክን የሚፈታበት የምስጢር ቁልፍ ያልተቀየረለት ቆጣሪ ከዚያ በኋላ የተገዛውን ሁሉ ይመልሳል። መፍትሔው ሁለት ባለ 20 አሃዝ የቁልፍ መቀየሪያ ቁጥሮችን ጠይቆ በቅደም ተከተል መሙላት ነው፤ ቀሪውን አይነኩም። ሆኖም ከለውጡ በፊት የተገዛ ያልተሞላ ቶክን በእጅዎ ካለ አስቀድመው ይሙሉት፤ ቁልፉ ከተቀየረ በኋላ ያው ቁጥር በድጋሚ ቢሰጥም ስለማይሠራ፣ በአዲሱ ቁልፍ እንዲመረት ማመልከት ግድ ይሆናል።