ልብ ቆም ብላ «ድው» ስትል፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክቱ

ማታ ጋደም ስትሉ ልባችሁ ለቅጽበት ቀጥ ያለች ይመስላችኋል። ከዚያ ደረታችሁ ላይ አንድ ኃይለኛ «ድው» ይሰማችኋል። ብዙ ጤነኛ ወጣቶች እዚህ ጋ ይደነግጣሉ፤ ልቤ ቆማ ነበር ብለው ያስባሉ። አልቆመችም።

ምክንያቱ

የልብን ምት የሚመራው በላይኛው ቀኝ የልብ ክፍል ያለ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። አንዳንዴ ሌላ የልብ ክፍል ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመታል። ያኔ ልብ ገና በደም ስላልሞላች ምቱ ደካማ ነው፤ እጅ ላይ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። ቀጥሎ ልብ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ታርፍና ብዙ ደም ትይዛለች። የሚከተለው ምት ያንን ሁሉ በአንዴ ሲገፋ «ድው» ይላል። ያስደነገጣችሁ እንግዲህ ትክክለኛው ምት ነው። ቀድሞ የመጣው ትርፍ ምት ሳይታወቃችሁ አልፏል።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። የጤነኛ ሰው ልብ 24 ሰዓት ሙሉ ብትመዘገብ ጥቂት ትርፍ ምቶች ቢገኙባት የተለመደ ነው።

እንዴት ይለያል?

ፈተና የደረሰበት የ23 ዓመት ተማሪ እናስብ። ሌሊት ለ4 ሰዓት ብቻ ይተኛል። በኢነርጂ ድሪንክ ነው የሚነቃው። ጉንፋን ስለያዘው የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍት ኪኒንም ይወስዳል። በግራ ጎኑ ሲተኛ ይብስበታል፤ በዚያ በኩል ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለምትጠጋ ነው።

የእጁን የደም ሥር ለ1 ደቂቃ ይዳስስ። ምቱ እኩል ሲሄድ ቆይቶ ክፍተት ካሳየና ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ትርፍ ምትን ይመስላል። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ፈጥና ክፍተቱ ከጠፋ ጥሩ ምልክት ነው።

መፍትሄው

መጀመሪያ ኪኒኑንና ኢነርጂ ድሪንኩን ይተው፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም በየሌሊቱ ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ይተኛ። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እንቅልፉን ነው። ሲጋራና አልኮልም ካሉ ይቁሙ። ቡና ሁሉንም ሰው አይነካም፤ ቀንሶ ለውጥ መኖሩን ማየት ይበቃል። በየደቂቃው ምትን መቁጠር ግን ጭንቀቱን ይጨምራል፤ ጭንቀቱ ደግሞ ትርፍ ምቱን ይቀሰቅሳል።

ካልቀነሰ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ይነሳ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ምርመራም ያስፈልገዋል። በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሊጎድሉ ይችላሉ። አንድ ኢሲጂ የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ «ምንም የለም» ቢል ትርፍ ምቱ በዚያች ቅጽበት አልመጣም ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀን ሙሉ የሚመዘግበውን ሆልተር የሚባል መሣሪያ ሊያዝ ይችላል። የልብ አልትራሳውንዱ ጤነኛ ከሆነና ትርፍ ምቶቹ ጥቂት ከሆኑ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስፈልግም። ከጠቅላላው ምት 10 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ከጊዜ በኋላ ልብን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ክትትል ይገባል።

ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ይታይ። ስፖርት ሲሠራ የሚብስበት ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ እስኪመረመር ድረስ ከባድ ስፖርት ያቁም። ምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥርዓት የሌለው ከሆነም ሌላ ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ኢሲጂ ይነሳ።