ደንገጎን ሲወጣ የሚሰረጉድ ኬክ፦ በሐረር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ የምትኖረው እህቴ ለልጆቿ ልደት የምትጋግረው ኬክ መሃሉ እንደ ጉልላት የተነፋ ነው። ልኩን ከእርሷ ገልብጬ ሐረር ቤቴ ስጋግረው በ20 ደቂቃ ውስጥ ከመጋገሪያው አፍ በላይ ወጣ። ደስ ብሎኝ ቡና ላፈላ ዞርኩ። ስመለስ መሃሉ ሰርጉዶ ወጥ ቢጨመርበት የሚይዝ ጉድጓድ ሆኗል። እህቴ በስልክ «ምድጃውን ቶሎ ከፍተሽው ነው» አለችኝ። አልከፈትኩትም ነበር።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው ሲጨምር አየሩ በሊጡ ላይ የሚጫነው ጫና ይቀንሳል፣ ውሃም ቀድሞ ይፈላል፤ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ነው። የእህቴ ልክ ለባሕር ወለል የተሠራ የፓኬት ልክ ነው። ድሬዳዋ ላይ በመጠኑም ቢሆን ያልፋል፤ ወደ ሐረር የሚያመጣውን የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ግን አይማርም። ልኩ ይኸውና፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 1 ኩባያ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይትና 2 እንቁላል።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔው ነው፤ ኬኩ ስለወደቀ «አልነፋም» ብሎ ቤኪንግ ፓውደር መጨመር። በማግስቱ ግማሽ ማንኪያ ጨመርኩበት፤ ጉድጓዱ ጠለቀ። ኬኩ የወደቀው ነፍቶ ስላነሰው ሳይሆን ከልክ በላይ ስለነፋ ነው። ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ የሚገፋው አየር ሲሳሳ በብዛት ይለጠጣል። የሊጡ ግድግዳ ሳይበስልና ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል፤ የሚደግፈው ያጣው መሃል ይወርዳል። ኬኩን ቆርጠው ቀዳዳዎቹ ትልልቅና ሸካራ ሆነው ካገኟቸው ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ለሐረር ከ2 የሻይ ማንኪያው ግማሹን ማንኪያ ይቀንሱና አንድ ተኩል ያድርጉት። እንቁላል ነጩን ለብቻው የሚመቱ ከሆነም ጫፉ ጎንበስ ሲል ያቁሙ፤ በመምታት የገባ አየርም እንደ ጋዙ ይለጠጣል።

ሁለተኛው ስኳሩን አለመንካት ነው፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋ ይመስለኛል፤ ስኳርን ከጣዕም ጋር ብቻ ስለምናያይዘው። ስኳር የእንቁላሉና የዱቄቱ መርጋት እንዲዘገይ ያደርጋል። ሐረር ላይ ደግሞ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን የቀረው ስኳር ይበልጥ ይወፍራል፤ ኬኩ መርጋት በሚገባው ሰዓት ገና ለስላሳ ነው። ምልክቱ ዳር ዳሩ እንደ ከረሜላ ሆኖ መጋገሪያው ላይ መጣበቁ፣ መሃሉም ሊጥ ሊጥ ማለቱ ነው። ከአንዱ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ያንሱ። እንግዳ ቀምሶ ልዩነቱን አይነግርዎትም።

ሦስተኛው ስህተት ከዚህ ይወለዳል። መሃሉ ሊጥ ሆኖ ያየ ሰው «ፈሳሹ በዝቶ ነው» ብሎ ወተቱን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የሚያገኘው ሲቆረጥ የሚፈረፈር ደረቅ ኬክ ነው። የተረፈው ስኳር እንጂ ውሃ አልነበረም። ወተቱ መጨመር ነው ያለበት፤ ለአንድ ኩባያ 3 የሾርባ ማንኪያ። የሀበሻ እንቁላል ከተጠቀሙ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ 2 በሚለው ፈንታ 3 ይስበሩ፤ ይህን ጊዜ የወተቱ ጭማሪ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እንቁላሉ ፈሳሽም ነው፣ ሲበስል የኬኩን ግድግዳ የሚያቆመውም እርሱ ነው። እርጎ ያለበትን ኬክ የሚሠሩ ሰዎች ቤኪንግ ሶዳውን ትንሽ ቢያሳንሱ የሚቀረው ኮምጣጣነት ሊጡን ፈጥኖ ያረጋዋል።

ስለ እሳቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ 175 የሚለውን 185 ያድርጉና ከተባለው ደቂቃ ትንሽ ቀደም ብለው በስንጥር ይሞክሩት።

የቀረው ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ነው። ኬኩ ያኔም ከተበላሸ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ቤኪንግ ፓውደሩን ብቻ ቀነስኩ፤ ጉድጓዱ ጠፍቶ ትንሽ ዝቅታ ቀረ፣ ዳሩ ግን አሁንም ይጣበቅ ነበር። በሁለተኛው ስኳሩን ቀነስኩ፤ ከመጋገሪያው ያለ ቢላዋ ወጣ። በሦስተኛው ወተቱን ስጨምር እስከ ማግስቱ ሳይደርቅ ቆየ።

እህቴ ይህን ሰምታ የእኔን ልክ እንዳለ ድሬዳዋ ወስዳ ጋገረችው። አናቱ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣላትና ወቀሳው ወደ እኔ ዞረ። ለድሬዳዋ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ማንኪያ፣ ስኳሩን 1 የሾርባ ማንኪያ መቀነስና ወተቱን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ መጨመር ይበቃል።